ኤሌክትሮኑን ከቀለበቱ ማውረድ፦ ስለ ጥያቄ 4 ለተማሪዎቼ የጻፍኩት ኢሜይል

ርዕሰ ጉዳይ፦ ጥያቄ 4፣ ኦርቢታልና ምህዋር

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፈተና ወረቀታችሁን ትናንት ማታ አርሜ ጨረስኩ። ጥያቄ 4 «የሃይድሮጅንን 1s ኦርቢታል ሣሉ፤ ምን እንደሆነም በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ» የሚል ነበር። አብዛኞቻችሁ መሃል ላይ ነጥብ፣ በነጥቡ ዙሪያ ክብ፣ ክቡ ላይ ደግሞ የመቀነስ ምልክት ያላት ትንሽ ኳስ ሥላችኋል። የጻፋችሁት በቃላት ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ኦርቢታል ማለት ኤሌክትሮኑ በኒውክለሱ ዙሪያ የሚመላለስበት የተወሰነ መንገድ ነው። ጥቂቶቻችሁ ክቡን ወፈር አድርጋችሁ «መንገዱ ትንሽ ይወዛወዛል» ብላችኋል። አንዳችሁ 2p ኦርቢታልንም ጨምራ እንደ ስምንት ቁጥር ሥላለች፤ ኤሌክትሮኑ በስምንቱ ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫም በቀስት አሳይታለች። ቀስቶቹ ያምራሉ፤ ነጥብ ግን ልሰጥባቸው አልቻልኩም።

ሁላችሁም ላይ ጥፋቱን አልጭንም። ክቡን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስታዩት ነው የኖራችሁት፤ ስሙም ራሱ ያሳስታል። ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ኤሌክትሮኑን በእርግጥም ክብ ምህዋር ላይ አስቀምጦት ነበር። ሽሮዲንገር በ1926 የሞገድ እኩልታውን ሲያወጣ ምህዋሩ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ማክስ ቦርን የሞገዱ ካሬ ኤሌክትሮኑን የማግኘት ዕድል ነው አለ። (ቦርና ቦርን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፈተና ላይ አትደባልቋቸው።) «ኦርቢታል» የሚለውን ቃል ያመጣው ሮበርት ሙሊከን ነው፣ በ1932፤ «የአንድ ኤሌክትሮን ምህዋራዊ የሞገድ ፈንክሽን» የሚለውን ረጅም ሐረግ ማሳጠሩ ነበር። ስለዚህ ኦርቢታል የአንድ ፈንክሽን ስም ነው። የመንገድ ስም ሆኖ አያውቅም።

ይህን ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ እንዳልሠራ ወረቀታችሁ ይመሰክራል። አሁን በቃል አልደግመውም። ስፕሬድሺት ክፈቱና ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ። ኤክሴልም ሆነ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁ ነው።

1. መጀመሪያ የቀለበቱን ትንቢት ጻፉ

ስህተት የሚታረመው ከምን ጋር እንደሚጋጭ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የሣላችሁት ክብ እውነት ቢሆን ምን መታየት እንዳለበት በወረቀት ላይ አስቀምጡ። የርቀት መለኪያችን የቦር ሬዲየስ ይሁን፤ a0 እንለዋለን፣ 52.9 ፒኮሜትር ነው። የእናንተ ቀለበት በትክክል እዚህ ርቀት ላይ ነው ያለው።

ቀለበቱ እውነት ከሆነ የኤሌክትሮኑን ቦታ በለካን ቁጥር ርቀቱ 1 a0 መውጣት አለበት። የመለኪያ ስህተትና «ውዝወዛ» እንፍቀድና ከ0.95 እስከ 1.05 ይሁን። ኒውክለሱ አጠገብ ፈጽሞ መገኘት የለበትም። ከ2 a0 ወዲያ ደግሞ ጭራሽ መገኘት አይችልም፤ የዚህን ምክንያት በቁጥር እንየው። የሃይድሮጅን መነሻ ሁኔታ ጠቅላላ ኢነርጂ −13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በ x a0 ርቀት ላይ ፖቴንሻል ኢነርጂው −27.2/x ነው። x = 2 ሲሆን ፖቴንሻሉ ብቻውን −13.6 ይሆናል፤ ለእንቅስቃሴ የሚተርፍ ምንም የለም። ከዚያ አልፋ የምትሄድ ኳስ ኪነቲክ ኢነርጂዋ ከዜሮ በታች መሆን ይኖርበታል፤ ለኳስ ይህ የማይሆን ነገር ነው።

እነዚህን ሦስት ትንቢቶች ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ደረጃ 3 ላይ እንመለስባቸዋለን።

2. ሺህ አቶም ለኩ

የ1s ፈንክሽን በጣም ቀላል ነው፦ ከኒውክለሱ በራቅን ቁጥር በ e^(−r/a0) ይቀንሳል፤ አቅጣጫ አይለይም። ካሬ ስናደርገው e^(−2r/a0) ይሆናል። ኤሌክትሮኑን በ x ርቀት ላይ ባለ ስስ ቅርፊት ውስጥ የማግኘት ዕድል ለማስላት ይህን በቅርፊቱ ስፋት እናበዛዋለን፤ ውጤቱም ይህ ነው፦

```
P(x) = 4 * x^2 * e^(-2x)
```

ከዚህ ዕድል ርቀቶችን መቅዳት የሚያስችል አቋራጭ አለ፤ ይህ ቅርጽ ሦስት ገለልተኛ የኤክስፖነንሻል ቁጥሮች ሲደመሩ የሚመጣው ስርጭት ነው። ስለዚህ ሦስት የዘፈቀደ ቁጥሮችን አባዝቶ ሎጋሪዝማቸውን መውሰድ ይበቃል። በመጀመሪያው ረድፍ ርዕሶች ጻፉ፤ በሁለተኛው ረድፍ ከ A እስከ E እነዚህን አስገቡ፦

```
A2: =-0.5*LN(RAND()*RAND()*RAND())
B2: =2*RAND()-1
C2: =2*PI()*RAND()
D2: =A2*SQRT(1-B2^2)*COS(C2)
E2: =A2*SQRT(1-B2^2)*SIN(C2)
```

A ከኒውክለሱ ያለው ርቀት ነው፣ በ a0። B እና C አቅጣጫውን ይሰጣሉ። D እና E ነጥቡ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚውልበት ቦታ ናቸው። ሁለተኛውን ረድፍ እስከ 1001 ድረስ ጎትታችሁ ቅዱ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። RAND() አንድ ሴል በነካችሁ ቁጥር አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም ኮፒ አድርጋችሁ «እሴት ብቻ» በሚለው ምርጫ እዚያው መልሳችሁ ለጥፉት። አለበለዚያ የቆጠራችሁትና የሣላችሁት አይገጥሙም። ሁለተኛ፣ B ላይ ማዕዘኑን ራሱን በዘፈቀደ አትውሰዱ፤ የሚወሰደው ኮሳይኑ ነው። ማዕዘኑን ከወሰዳችሁ ነጥቦቹ ወደ ዋልታዎቹ ይከማቹና ሉሉ ክብነቱን ያጣል። ሦስተኛ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ኮማ ሳይሆን ሴሚኮለን የሚፈልግ ስፕሬድሺት አለ፤ ወደ ታች ያሉት ቀመሮች ስህተት ካወጡባችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር አስተውሉ፤ ጥያቄያችሁ ሁሉ እዚህ ነው የሚፈታው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የተለየ የሃይድሮጅን አቶም ነው፤ አንድ ጊዜ ተለክቶ የተተወ። ረድፍ 17 ከረድፍ 16 ቀጥሎ የመጣ አይደለም፤ ዝም ብሎ ከሥሩ ተጻፈ እንጂ። አንድ ኤሌክትሮን ሺህ ጊዜ ተከታትለን ያየነው አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

3. ቁጠሩ

ባዶ ቦታ ላይ እነዚህን ጻፉ፦

```
=COUNTIFS(A2:A1001,">=0.95",A2:A1001,"<=1.05")/1000
=COUNTIF(A2:A1001,"<=1")/1000
=COUNTIF(A2:A1001,">2")/1000
=AVERAGE(A2:A1001)
```

እኔ ስሞክረው 0.049፣ 0.331፣ 0.241 እና 1.48 ወጣልኝ። የእናንተ ትንሽ ይለያል፤ በስሌት የሚገኙት ትክክለኛ ቁጥሮች 0.054፣ 0.323፣ 0.238 እና 1.5 ናቸው። በሺህ ናሙና ሁለተኛው ቁጥር ከ0.29 እስከ 0.35 ቢዋዥቅ አትደንግጡ። ከዚያ በጣም ከራቀ ግን A ላይ ያለውን ቀመር ደግማችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው 0.5 ነው። 0.5ን የረሳ ሰው አማካይ ርቀቱ 3 ይወጣለታል።

አሁን ወደ ሦስቱ ትንቢቶች እንመለስ። ቀለበቱ ሁሉም አቶሞች ከ0.95 እስከ 1.05 ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይገኛሉ ብሎ ነበር፤ የተገኙት ከመቶ አምስት ያህሉ ናቸው። ወፍራም ክብ የሣላችሁም ብትሆኑ ይህ ቁጥር አያድናችሁም። ከመቶ ሠላሳ ሁለቱ ከ«ቀለበቱ» ውስጥ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ ከአራት ኤሌክትሮኖች አንዱ ሊሆን ትንሽ የቀረው ከ2 a0 ወዲያ ተገኝቷል። ያ ቦታ ለምትሄድ ኳስ ዝግ እንደሆነ አስልተናል። ኤሌክትሮኑ እዚያ ሲገኝ ሕግ ጥሶ አይደለም፤ «እዚህ ቦታ ላይ እያለ ኪነቲክ ኢነርጂው ይህን ያህል ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለኤሌክትሮን ትርጉም ስለሌለው ነው። ያ ዓረፍተ ነገር የመንገድ ዓረፍተ ነገር ነው።

4. ሣሉ፣ ግን አታገናኙ

D እና E ን መርጣችሁ የነጥብ ግራፍ አውጡ። ሁለቱንም ዘንጎች ከ−4 እስከ 4 አድርጉና ግራፉን ካሬ አድርጋችሁ ጎትቱት፤ ካልሆነ ሉሉ እንደ እንቁላል ይታያችኋል።

የግራፍ ዓይነት ስትመርጡ ነጥቦቹን በመስመር የሚያገናኘውን እንዳትነኩ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ እሱን መርጦ ነበር፤ መስመሮቹ የተጠላለፈ የክር ልቃቂት ሠሩና «አያችሁ፣ መንገዱ ይኸው፣ ውስብስብ ስለሆነ ነው የማይታየው» ብሎ አመጣልኝ። ረድፎቹን በርቀት ቅደም ተከተል እንዲያስተካክላቸው ነገርኩት። «መንገዱ» ወዲያው ሌላ ሆነ፤ ነጥቦቹ ግን አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ በኋላ ተከራክሮኝ አያውቅም። ከተጠራጠራችሁ እናንተም ሞክሩት።

የምታዩት ደመና ጠርዝ የለውም። መጽሐፋችሁ ላይ 1s ጥርት ያለ ኳስ ሆኖ የተሣለው ሠዓሊው የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ ስላለበት ነው። ብዙውን ጊዜ 90 በመቶው የሚገኝበት ርቀት ይመረጣል፤ ለ1s ያ ርቀት 2.66 a0፣ ማለትም ወደ 141 ፒኮሜትር ነው። ስምምነት ነው፤ ግድግዳ የለም። ኤሌክትሮኑ በኳሱ ገጽ ላይ ይንሸራተታል ብላችሁ የጻፋችሁ ሁለት ልጆች አላችሁ፤ ክቡን ትታችሁ ወደ ኳስ መጥታችኋል፣ ስህተቱ ግን አብሯችሁ መጥቷል።

5. «ታዲያ 52.9 ፒኮሜትር ለምን ይነገራል?»

ይህ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው፤ ጎበዝ ተማሪዎችም የሚሰናከሉበት ነው። ግራፋችሁ ላይ ነጥቦቹ በጣም የተጨናነቁት መሃሉ ላይ ነው። መጽሐፉ ደግሞ «ኤሌክትሮኑ ይበልጥ የሚገኝበት ርቀት a0 ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለየው።

አንዲት ትንሽ፣ መጠኗ ቋሚ የሆነች ሳጥን ያዙ። ሳጥኗን የት ባስቀምጣት ኤሌክትሮኑን የመያዝ ዕድሏ ይበልጣል? መልሱ ኒውክለሱ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጥግግት በ1 a0 ካለው 7.4 እጥፍ ገደማ ነው። አሁን ሳጥኗን ተዉና በአንድ ርቀት ላይ ያሉትን ቦታዎች ሁሉ በአንድ ላይ የሚሸፍን ስስ ቅርፊት ያዙ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። የትኛው ልጣጭ ነው ብዙ የሚይዘው? በ0.1 a0 እና በ1 a0 ያሉ፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጣጮችን እናወዳድር። ከ0.1 ወደ 1 ስንሄድ ጥግግቱ ወደ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። የልጣጩ ስፋት ግን መቶ እጥፍ ያድጋል። መቶን ለስድስት ስናካፍል ውጪኛው ልጣጭ 16.5 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከ1 a0 በኋላ ደግሞ የጥግግቱ መቀነስ የስፋቱን ማደግ ይቀድመዋል፤ ስለዚህ P(x) ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ 1 a0 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ 52.9 ፒኮሜትር የአንድ ግራፍ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው የሚደርስበት ሰዓት አለ ማለት ሁሉም ሰው በዚያ ሰዓት ይደርሳል ማለት እንዳልሆነው ነው። አማካዩ ራሱ ከጫፉ ይርቃል፤ 1.5 a0፣ 79.4 ፒኮሜትር ነው። ደረጃ 3 ላይ በእጃችሁ አግኝታችሁታል።

ቦር ያንን ቁጥር ማግኘቱ ዝም ብሎ ዕድል አይደለም፤ የሃይድሮጅን ኢነርጂዎቹም ልክ ናቸው። ግን ያው አካሄድ ሁለት ኤሌክትሮን ወዳለው ሂሊየም ሲመጣ ይከሽፋል፤ ለሃይድሮጅንም ቢሆን አንጉላር ሞመንተሙን ይስታል። ቀጥሎ የማነሳው ይህንን ነው።

6. «መንገድ አለ፣ እኛ ነን የማናየው» ለምትሉት

ቆጠራው ቀለበቱን ይጥለዋል፤ ሌላ መንገድን ግን ለብቻው አይጥልም። አንዳችሁ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ኤሌክትሮኑ በጣም ፈጣን ስለሆነ ደመና ይመስላል፤ እንደ ፋን ክንፍ» ብላ ጽፋለች። ጥሩ ሙግት ነው፤ ምክንያቱም ፋኑን ቢያቆሙት ክንፉ በእርግጥ አለ። ሁለት ነገሮች ልንገራት።

አንደኛው አንጉላር ሞመንተም ነው። ዙሪያውን የሚዞር ነገር ሁሉ አለው፤ በቦር ክብ ላይ ልክ 1 ħ ነው። የ1s ኤሌክትሮን ግን የምህዋር አንጉላር ሞመንተሙ ዜሮ ነው። ዜሮ ያለው ፕላኔት አይዞርም፤ በቀጥታ ወደ ፀሐዩ ይወድቃል። ስለዚህ 1s ላይ ምንም ዓይነት ዙረት፣ ፈጣንም ሆነ ቀርፋፋ፣ ልታኖሩበት አትችሉም። ይህ ማለት ኤሌክትሮኑ ቆሟል ማለትም አይደለም፤ አማካይ ኪነቲክ ኢነርጂው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሞመንተም አለው፣ ግን ወደ የትኛውም አቅጣጫ አያደላም።

ዙረት ከሌለ ኒውክለሱ ጋ የሚያግደው ነገርም የለም፤ ይህ ደግሞ በተፈጥሮ ይታያል። ቤሪሊየም-7 የሚባለውን አይሶቶፕ እዩ። ኒውክለሱ የራሱን አቶም ኤሌክትሮን፣ በአብዛኛው ከ1s፣ ወስዶ ወደ ሊቲየም-7 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 53 ቀን ያህል ነው። ኤሌክትሮኑ ቀለበቱ ላይ ብቻ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ኒውክለሱ የሚይዘው ነገር አያገኝም ነበር። ኤሌክትሮኖቹ በሙሉ ከተነቀሉለት ደግሞ ቤሪሊየም-7 በዚህ መንገድ ሊለወጥ አይችልም።

ሁለተኛው፣ ፋኑን የማቆም ሙከራ ነው። መንገድ አለ የሚል ሰው ኤሌክትሮኑን በእያንዳንዱ ቅጽበት በበቂ ጥራት ማስቀመጥ መቻል አለበት፤ ለ52.9 ፒኮሜትር ክብ በ1 ፒኮሜትር ትክክል እንበል። የሃይዘንበርግ ግንኙነት (1927) ለዚህ ስንት እንደሚያስከፍል ይነግረናል፦

```
Δp ≥ ħ/(2Δx) = 1.055e-34 / (2 × 1e-12) ≈ 5.3e-23 kg·m/s
E = Δp²/(2m) = (5.3e-23)² / (2 × 9.11e-31) ≈ 1.5e-15 J ≈ 9500 eV
```

9500 ኤሌክትሮን ቮልት። ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ለመንቀል የሚበቃው 13.6 ነው፤ ሰባት መቶ እጥፍ ያህል። በ1 ፒኮሜትር የታወቀ ቦታ ላይ ያለ ኤሌክትሮን በ1s ሁኔታ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን አይደለም፤ ከዚያ ልኬት በኋላ አቶሙ ራሱ አይተርፍም። «መሣሪያችን ደካማ ሆኖ ነው» አትበሉ፤ ስሌቱ ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር አልገባም። 1s ራሱ ነው ሹል ቦታ የሌለው። ፋኑ ሲቆም ክንፉ የሚገኘው ክንፉ መጀመሪያውኑ በየቅጽበቱ አንድ ቦታ ላይ ስለነበረ ነው፤ ምሳሌው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ደመናውን ቃል በቃል ወስዳችሁ ኤሌክትሮኑ እንደ ጭስ ተበትኗል እንዳትሉም። በተለካ ቁጥር የሚገኘው አንድ ሙሉ ኤሌክትሮን ነው፤ ሲሶው እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ አያውቅም። የተዘረጋው የመገኘት ዕድሉ ነው።

7. ስምንት ቁጥሩ

ለ2p ሌላ ገጽ ክፈቱ፦

```
A2: =-LN(RAND()*RAND()*RAND()*RAND()*RAND())
B2: =2*RAND()-1
C2: =SIGN(B2)*ABS(B2)^(1/3)
D2: =2*PI()*RAND()
E2: =A2*SQRT(1-C2^2)*COS(D2)
F2: =A2*C2
```

E ን አግድም፣ F ን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሣሉ፤ ዘንጎቹን ከ−12 እስከ 12 አድርጓቸው። የሚወጣው ላይና ታች ያሉ ሁለት የተበታተኑ ደመናዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የሳሳ ስፍራ አለ። ምን ያህል ሳሳ? C ከ−0.1 እስከ 0.1 የሆነባቸውን ረድፎች ቁጠሩ። በአማካይ ከሺህ አንድ ነው፤ ምንም ላታገኙም ትችላላችሁ። በ1s ገጻችሁ B ላይ ያው ክፍተት መቶ ያህል ረድፍ ይይዛል። ነጥቦቹ በስምንት ቁጥሩ መስመር ላይ አልተሰለፉም፤ ውስጡን ሞልተው፣ ውጪውንም አልፈው ተበትነዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው ስምንት ቁጥር የዚህ ደመና መቁረጫ መስመር ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «መሃል ላይ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ ከላይኛው ወደ ታችኛው እንዴት ይሻገራል?» ጥያቄው ራሱ ኤሌክትሮኑ አሁን ላይ ሆኖ ኋላ ታች ይሆናል ብሎ ነው የተነሣው፤ ማለትም ቀለበቱ ተመልሶ መጥቷል፣ ቅርጹን ለውጦ። ከሁለት ጫፉ የተወጠረ ክር ሁለቱ ግማሾቹ ተቃራኒ ሆነው ሲርገበገቡ አስቡ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፣ መሃሏ ነጥብ ግን ጸጥ ትላለች። ርግብግቢቱ ከግራው ግማሽ ወደ ቀኙ እንዴት ተሻገረ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከመጀመሪያው የሁለቱም ናት። 2pም እንደዚሁ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ጊዜ የያዘ አንድ ሁኔታ ነው፤ ምልክታቸው ብቻ ይቃረናል። ክሩ ግን ምሳሌ ነው፤ የሚርገበገበው እውነተኛ ገመድ ነው፣ የእኛው ፈንክሽን ገመድ የለውም።

አንድ ገደብ ልጨምር። ይህ ሁሉ በትክክል የሚሠራው አንድ ኤሌክትሮን ላለው አቶም ነው። ኤሌክትሮኖች ሲበዙ እያንዳንዱን ለየብቻው ኦርቢታል መስጠት ራሱ ግምት ይሆናል፤ ጠቃሚ ግምት ነው፣ ኬሚስትሪው አብዛኛው በእሱ ላይ ይቆማል። ወደ መንገድ ግን አይመልሰንም።

እርማቱን እንዴት እንደምታስገቡ

ጥያቄ 4 ላይ ነጥብ ያጣችሁ እስከ ሐሙስ መልሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የምፈልገው የ1s የነጥብ ግራፋችሁን፣ የደረጃ 3ን አራት ቁጥሮች እና ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ «ይዞራል»፣ «ይሄዳል»፣ «መንገድ» እና «ምህዋር» የሚሉትን ቃላት መጠቀም አይፈቀድም። ያለ እነሱ መጻፍ ካቃታችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ ረድፍ 16ንና ረድፍ 17ን እዩ።

ስምንት ቁጥሩን የሣልሽው ልጅ፣ የደረጃ 7ን ግራፍም ጨምሪበት፤ ቀስቶቹን ግን ተያቸው። ሁሉንም ነጥብ እመልስልሻለሁ።

ረዳት መምህራችሁ